ስንት ቀን? ስንት ፓድ?

በኪርያት ኖርዳው ለሚማሩ ልጃገረዶች ስለ ወር አበባ የተደረገ የጤና ንግግር

ይህን ንግግር ያደረግሁት ከሰባተኛ እስከ አስረኛ ክፍል ላሉ ልጃገረዶች ነው። ስናገር ግማሹ ዕብራይስጥ፣ ግማሹ አማርኛ ነበር። ለመጽሔታችን ሁሉንም በአማርኛ የጻፍኩት እናቶችና አክስቶችም እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ ምክንያቱም መሀል ላይ ስለ እነሱም የሚነሳ ነገር አለ።

ከኋላ ያላችሁት በሩን ዝጉልኝ። ወንዶቹ ዛሬ ሌላ ክፍል ናቸው፣ አትጨነቁ። ከጎኔ የተቀመጠችው የትምህርት ቤቱ ነርስ ናት። የምናገረውን አስቀድማ አንብባዋለች፤ ከተሳሳትኩም እዚሁ ታርመኛለች።

ባለፈው ሳምንት ስማችሁን ሳትጽፉ ጥያቄ በወረቀት እንድታስገቡ ሳጥን አስቀምጠን ነበር። ከፍተን ስናነበው ገሚሱ ወረቀት አንድ ጥያቄ ነው፤ አጻጻፉ ብቻ ይለያያል። «ከእኔ ብዙ ይፈሳል፣ ይሄ ኖርማል ነው?» «ጓደኛዬ በሦስት ቀን ትጨርሳለች፣ እኔ ስምንት ቀን፣ ለምን?» «ሁልጊዜ ይደክመኛል፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል?» ስለዚህ ሁሉንም ነገር ትንሽ ትንሽ ከምነካካ ዛሬ ትልቁን ጊዜ ለዚህ እሰጣለሁ፦ ስንት ደም ልክ ነው፣ ስንት ደም ከልክ በላይ ነው፣ እንዴትስ ይታወቃል። የቀሩትን ወረቀቶች መጨረሻ ላይ በአጭሩ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ጎጆው ትንሽ ልበል። አያቶቻችሁን ብትጠይቋቸው በጎንደር በኩል በእኛ መንደሮች፣ አምቦበርን በመሳሰሉት፣ ከመንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ ነበር። ዙሪያውን በድንጋይ የተከለለ ነው። አንዲት ሴት ደም ሲመጣባት ሰባት ቀን እዚያ ትቀመጣለች፣ ምግብ ይመጣላታል፣ ሲያልቅ ወንዝ ወርዳ ታጥባ ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ወንድ ልጅ ስትወልድ አርባ፣ ሴት ልጅ ስትወልድ ሰማንያ ቀን ነበር። ስለ ጎጆው ሰው የተለያየ ስሜት አለው። አንዳንዷ አያት «ከሥራ ያረፍንበት፣ ከሴቶች ጋር የተጫወትንበት» ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ብርዱንና ፍርሃቱን ታወራለች። «መርገም» የሚለውን ቃል እኔ በበኩሌ አልወደውም፤ እርግማን የሚባል ነገር በሰውነታችሁ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ግን ጎጆው ያደርግ ነበር፦ ቀን ይቆጥር ነበር። አንዲት ሴት መቼ እንደገባች፣ መቼ መውጣት እንዳለባት ሌሎቹ ሴቶች ያውቃሉ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ደግሞ ከሰባቱ ቀን በላይ ለሚፈስሰው ደም ለብቻው ሕግ አለው። ማለት፣ «ደሟ ከቀኑ አለፈ» የሚለው ነገር የሚታይ ነበር። ዛሬ እኛ ጎጆ የለንም፣ እሰየው። ግን እዚህ አፓርታማ ውስጥ፣ በሩን ቆልፋችሁ፣ ዘጠኝ ቀን ቢፈስሳችሁ ማንም አያውቅም። እናንተም ራሳችሁ አትቆጥሩትም። ስለዚህ መቁጠሩን ለእናንተ ላስረክብ ነው የመጣሁት።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ቀን አንድ የሚባለው ፓድ የሚያስፈልገው ደም የመጣበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከሚቀጥለው ቀን አንድ ድረስ ያለው አንድ ዙር ነው፣ በዕብራይስጥ ማሕዞር የምንለው። ብዙ ሰው ደሙ ካቆመበት ቀን ነው የሚቆጥረው፤ እሱ ስሌቱን ያዛባል። በእናንተ ዕድሜ አንድ ዙር ከ21 እስከ 45 ቀን ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹ ሴቶች «በየሃያ ስምንት ቀኑ» ሲሉ ሰምታችሁ «እኔ ተበላሽቻለሁ» አትበሉ። ከጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገና ሰውነት መስመሩን እየያዘ ነው፤ አንዱ ወር 26፣ ሌላው 40 ቢሆን ከልኩ አልወጣም። ደሙ የሚቆይበት ቀን ደግሞ ከሁለት እስከ ሰባት ነው። ስምንተኛ ቀን ላይ አሁንም ፓድ ካስፈለጋችሁ ጻፉት። ስልካችሁ ላይ ቀን መቁጠሪያ አለ፣ አንድ ነጥብ ማድረግ ይበቃል።

አሁን ወደ መጠኑ። ደም ሲታይ ብዙ ይመስላል፣ ውሃ ላይ ሲንጠባጠብ ደግሞ የበለጠ። እውነቱ ግን በአንድ ወር አበባ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የሚፈስሰው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ሐኪሞች «በዛ» የሚሉት 80 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ነው። በሚሊ ሊትር ማሰብ ካስቸገራችሁ የቡና ስኒያችንን አስቡ። ግማሽ ስኒ ልክ ነው፤ ስኒው ሞልቶ ከፈሰሰ በዝቷል ማለት ነው።

ማንም በስኒ አይለካውም፣ አትሳቁ። በፓድ ነው የምንለካው። መካከለኛ ፓድ፣ ከኢትዮጵያ የመጡት ሞዴስ የሚሉት፣ ከዳር እስከ ዳር ሲርስ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። የሌሊቱ ትልቁ ፓድ ከዚያ እጥፍ ወይም በላይ ይይዛል። እንግዲህ ስምንት ሙሉ የራሱ መካከለኛ ፓዶች ማለት 40 ሚሊ ሊትር ነው፣ አሥራ ስድስት ማለት 80። ልብ በሉ፣ «ሙሉ የራሰ» ነው ያልኩት። ለንጽህና ብላችሁ ጥቂት ነክቶት የቀየራችሁት አይቆጠርም፣ ግማሹ የራሰው ደግሞ እንደ ግማሽ ይቆጠራል። ስሌቱ የላብራቶሪ አይደለም፣ የፓዱ ዓይነትም ይለያያል፤ ነገር ግን «ብዙ ነው» ከሚለው ቃል መቶ ጊዜ ይሻላል።

አንዲት ልጅ ልስጣችሁ። ስም የላትም፤ ለዛሬው ትምህርት የሠራኋት ልጅ ናት፣ ግን በየክፍሉ ያለች ዓይነት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው የጀመራት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ይፈስሳታል። ሁለተኛው ቀን ላይ ጥቁር ሱሪ ካልሆነ አትለብስም፣ ሌሊት አልጋዋ ላይ ፎጣ ታነጥፋለች፣ ክፍል ውስጥ ስትነሳ ወንበሩን ዞራ ታያለች። ከሰዓት ስትገባ ትተኛለች። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። በረዶ ማኘክ ጀምራለች፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም። ቤት ውስጥ «ይቺ ልጅ ስልክ ላይ እያደረች ነው የምትደክመው» ይሏታል። እናቷ ደግሞ «እኛ ቤት ሁላችንም እንዲህ ነን፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ አያትሽም» ትላታለች።

አንድ ወር ቆጠረች። የመጀመሪያው ቀን አራት ፓድ፣ እያንዳንዱ በግማሽ የራሰ፤ ያ ሁለት ሙሉ ነው። ሁለተኛው ቀን ስምንት ሙሉ። ሦስተኛው ቀን ሰባት ሙሉ። አራተኛው ቀን እንደገና አራት ግማሽ፣ ማለትም ሁለት። ከዚያ እስከ ስምንተኛው ቀን ጥቂት ጥቂት ብቻ፣ እሱን አልቆጠረችውም። ሲደመር አሥራ ዘጠኝ ሙሉ ፓድ፣ 95 ሚሊ ሊትር። ስኒው ሞልቶ ፈስሷል። ሁለተኛው ቀን ላይ የረጋ ደምም አየች፣ ከአምስት ሼቅል ሳንቲም የሚበልጥ። የረጋ ደም ትንሽ ትንሽ ሲሆን አያስፈራም፤ ከዚያ ሳንቲም ሲበልጥና ሲደጋገም ግን የብዛት ምልክት ነው። ፓድ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ መቀየር፣ ሌሊት ለመቀየር መነሳት፣ ሁለት ፓድ ደርቦ ማድረግ፣ እነዚህም ያው ናቸው። አንዱ እንኳ በየወሩ ካለባችሁ ወደ ነርሷ መሄጃ ምክንያት ነው፤ መደመርም አያስፈልጋችሁም።

ታዲያ በረዶውና ድካሙ ከየት መጣ? ደም ውስጥ ብረት አለ። በአንድ ሚሊ ሊትር ጤነኛ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይገኛል። ልጅቷ በአንድ ወር 95 ሚሊ ሊትር ካጣች ወደ 47 ሚሊ ግራም ብረት አጥታለች። ሰውነት ደግሞ ከምግብ በቀን የሚወስደው አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ብዙ ቢሆንም አብዛኛው ሳይወሰድ ያልፋል። አንድ ተኩል ብንል በሠላሳ ቀን 45 ነው። ማለትም ወሩን ሙሉ የገባው በሙሉ በወር አበባ ወጣ፣ ለቁመቷ፣ ለጡንቻዋ፣ ለሌላው ሁሉ ምንም አልተረፈም። ይሄ በሦስት ዓመት ሲደጋገም ጎተራው ባዶ ይሆናል። በረዶ፣ ወረቀት፣ አፈር የማኘክ አምሮት ከብረት ማነስ ጋር የሚመጣ የታወቀ ምልክት ነው፤ ነገሩን ለነርስ ለመናገር ሰው ያፍራል እንጂ።

ጎተራ ያልኩት በምክንያት ነው። የደም ምርመራ ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ። አንዱ ሄሞግሎቢን ነው፣ አሁን በደማችሁ ውስጥ እየሠራ ያለው፤ ለሴት ከ12 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ሌላው ፌሪቲን ነው፣ እሱ የተጠራቀመውን ያሳያል፤ ከ15 በታች ሲሆን ጎተራው ባዶ ነው። ሰውነት ጎተራውን አሟጥጦ ነው ሄሞግሎቢኑን የሚነካው። ስለዚህ የእኛዋ ልጅ ስፊራት ዳም ብቻ ብትሠራና ሄሞግሎቢኗ 12.1 ቢወጣ «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች፤ ፌሪቲኗ ግን 6 ነው። ድካሙ እውነት ነው፣ ስንፍና አይደለም። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ «ፌሪቲንም ይታይልኝ» ማለት ትችላላችሁ። ማንም አይቆጣም።

እናቷ ያለችውን «እኛ ቤት ሁላችንም እንዲህ ነን» እንዳትረሱት። እናቷ ልታጽናናት ነው ያለችው። ለነርሷ ግን ይህ አረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ ይጠቅማታል። ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርጉ በዘር የሚወረሱ ችግሮች አሉ፤ በጣም የሚገኘው ቮን ቪሌብራንድ ይባላል። እናት፣ አክስት፣ አያት ሁሉም ብዙ ይፈስሳቸው ከነበረ፣ ልጅቷ ከመጀመሪያው ወር አበባዋ ጀምሮ ከበዛባት፣ አፍንጫዋ እየደማ አሥር ደቂቃ ተይዞ የማይቆም ከሆነ፣ ጥርስ ስታስነቅል ደሙ አልቆም ካለ፣ ሐኪሙ ይህን ሊመረምር ይገባል። መድኃኒት አለው። ያልታወቀ ጊዜ ነው አደጋው፣ ለምሳሌ ኦፕራሲዮን ሲመጣ ወይም ስትወልድ።

እናቶች፣ አሁን ለእናንተ ነው። እዚህ ሰፈር ብዙ ልጅ ለእናቷ ታስተረጉማለች። ቁፓት ሖሊም ገብታችሁ «ልጄን ደም በዛባት» ስትሉ፣ የሚተረጉመው ሰው «ደም ብዛት» ብሎ ይሰማና በዕብራይስጥ ላሐጽ ዳም ብሎ ያስተላልፋል። ያ ግፊት ነው። ሐኪሙ የግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አስሮ፣ ደህና ነው ብሎ ይሸኛችኋል። ሁለቱም ሰው በትክክል ተናግሯል፣ ግን አልተገናኙም። ስለዚህ ወር አበባ የሚለውን ቃል አትዝለሉት፣ ነውር የለውም፦ «ወር አበባዋ ሲመጣ ብዙ ይፈስሳታል።» በዕብራይስጥ ለማለት፣ «ዬሽ ላ ዲሙም ሐዛቅ ባማሕዞር።» ልጅቷ ስለ ራሷ ስትናገር «ላ» የሚለውን «ሊ» ታደርገዋለች። ከዚያ ወረቀቱን አሳዩ፤ ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም።

ደም ስጡ ሲባል ደስ የማይላቸው ሰዎች ቤታችን ውስጥ እንዳሉም አውቃለሁ። በ1996 እዚህ አገር የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደነበር ከወጣ ወዲህ ያ ቁስል ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ልብ አልጠፋም፣ በትክክልም። ይሄኛው ግን ልገሳ አይደለም። ሁለት ትንንሽ ቱቦ ነው፣ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፤ ተነብቦ ውጤቱ ለልጅቷ ይመለሳል።

ለእኛዋ ልጅ ሐኪሙ የብረት ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኑ ሆድ ባዶ ሲሆን፣ ከብርቱካን ጭማቂ ወይም ከውሃ ጋር ቢወሰድ ጥሩ ይሠራል። ከወተት ጋር አይሆንም፣ ከቡናና ከሻይ ጋርም አይሆንም። ሰገራ ይጠቁራል፣ ይህ ከኪኒኑ ነው፣ አትደንግጡ። ሆድ ካደረቀ ወይም ካቅለሸለሸ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻላል፤ ዝም ብሎ መተው ነው ስህተቱ። ሰው የሚሳሳተው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ነው፦ ይሻላታል፣ ታቆማለች። ሄሞግሎቢኑ ቢስተካከልም ጎተራው ለመሙላት ወራት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደገና ደም ይታያል። የሚፈስሰውን ደም የሚቀንስ መድኃኒትም አለ፣ እሱን ሐኪሙ ነው የሚወስነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ። ጤፍ ብረት አለው፣ ምስርና ሽሮም አላቸው። እርሾው ሲያብላላው ብረቱን አንቆ የሚይዘውን ነገር ስለሚቀንስ እንጀራ ከማይቦካ ነገር ይሻላል። ግን ምን እናደርጋለን? ከመሶቡ ሳንነሳ ቡና ይፈላል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት በጣም ይቀንሱታል። ቡናውን ተዉ አልልም፣ ማንም አይሰማኝም። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት አቆዩት። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁበት፣ ከጎኑ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ይኑር፣ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል። ጎተራው ባዶ ለሆነች ልጅ ግን ምግብ ብቻውን አይሞላላትም፤ ኪኒኑን በምስር መተካት አይቻልም።

ወደ ንጽህናው። ደሙ ጥቂት ቢሆንም ፓድ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ ይቀየራል፣ ምክንያቱም የሚሸተው ደሙ ራሱ ሳይሆን አየር ውስጥ ሲቆይ ነው። ትምህርት ቤት ስትመጡ ጠዋት የለበሳችሁትን ይዛችሁ ቤት መግባት ረጅም ነው፤ በትልቁ እረፍት ቀይሩ። ከመቀየራችሁ በፊትም በኋላም እጅ ይታጠባል። ያገለገለው በአዲሱ መጠቅለያ ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ይገባል፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ አይጣልም፣ ይደፍነዋል። ገላ ሲታጠብ በውጭ በኩል በውሃ ነው። ወደ ውስጥ ሳሙና፣ ሽቶ፣ ሎሚ ምንም አይገባም፤ ውስጡ ራሱን ያጸዳል፣ ሳሙና ሲገባ ነው ማሳከክ የሚጀምረው። ልብስ ላይ የነካ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው፣ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

አንዷ «አያቴ ጨርቅ ነበር የምንጠቀመው አለችኝ፣ ያ ቆሻሻ ነው?» ብላለች። ጨርቅ ቆሻሻ አይደለም፣ እርጥብ ጨርቅ ነው ችግሩ። በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ደህና ነው። አፍረው በፍራሽ ሥር ሲደብቁት ግን አይደርቅም። መቀሌ ውስጥ ፍሬወይኒ መብራህቱ የምትባል የኬሚካል መሐንዲስ የሚታጠብ ፓድ የሚሠራ ፋብሪካ ከፍታለች፣ በ2019 የሲ.ኤን.ኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተመረጠችው እሷ ናት። ነገሩ ያው ነው፤ ታጥቦ፣ በግልጽ ተሰጥቶ፣ ደርቆ።

ጣምፖን የምትጠቀሙ፣ ከስምንት ሰዓት አይለፍ። ረስታችሁት ከቆየና ድንገት ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ራስ ማዞር፣ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ ቆዳ ከመጣ አውጡትና ወዲያው ሚዩን ሂዱ። በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት ነው፣ ሲከሰት ግን ሰዓት አይሰጥም። «ድንግልና ይወስዳል?» የሚል ወረቀትም ሦስት ጊዜ መጥቷል። ድንግልና ጣምፖን የሚወስደው ነገር አይደለም። ቤታችሁ የማይፈልጉት ከሆነ ፓድ ይበቃል፣ ጠብ አያስፈልገውም።

ስለ ሕመም። ማሕፀን ሽፋኑን ለማስወጣት ራሱን ይጨምቃል፤ የሚያስጨምቀውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ራሱ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ኑሮፈን በሚል ስም የምታውቁት፣ ያ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ሕመሙ ከጠና በኋላ ከሚወሰድ ልክ ሲጀምር ቢወሰድ ይሻላል። ባለ 200 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ልዩነት፤ ያለ ሐኪም በቀን ከስድስት ፍሬ አይለፍ። በጾም ቀን ባዶ ሆድ ላይ አይወሰድም። አስም፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት አስቀድማ ትጠይቅ። ደሟ በጣም የሚበዛባትም ምክንያቱ እስኪታወቅ ትጠይቅ፤ ደም የመርጋት ችግር ካለባት አይቡፕሮፌን ያባብስባታልና አካሞል ይሻላታል። አስፕሪን አትውሰዱ። በትክክል ወስዳችሁት በየወሩ ከትምህርት የሚያስቀራችሁ ከሆነ ወይም ወር አበባ በሌለበት ጊዜም የሚያማችሁ ከሆነ ነርሷ ጋ ሂዱ። «ስታገቢ ይተውሻል» የሚለው መድኃኒት አይደለም።

በዚያው ቀን ሐኪም የሚፈልግ አለ። ፓዱ በሰዓት አንድ እየራሰ ሁለት ሦስት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም ደሙ እየፈሰሰ ራሷን ካዞራት፣ ከገረጣች፣ ስትቆም ዓይኗ ከጨለመ፣ ነገ ድረስ አይቆይም። ቀን ከሆነ ቁፓት ሖሊም ደውሉ፣ ሌሊት ከሆነ ሚዩን፣ እዚህ ናታንያ ላኒያዶ ሆስፒታል አለ። ከወደቀች 101።

አሁን ወረቀቶቹ። «አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ገና አልመጣልኝም።» ይጠበቃል። አሥራ አምስት ሞልቶሽ ካልመጣ ነርሷ ትይሽ።

«መጥቶ ሦስት ወር ጠፋ።» ዘጠና ቀን ካለፈ ማሳየት ነው። ክብደት በጣም መቀነስ፣ ከባድ ስፖርት፣ ሆርሞን፣ እርግዝና፣ ምክንያቱ ብዙ ነው።

«ነጭ ፈሳሽ አለኝ።» ነጭ ወይም ጥርት ያለ፣ የማይሸት፣ የማያሳክክ ከሆነ የሰውነትሽ ነው። እንደ እርጎ የተቋጠረና የሚያሳክክ፣ አረንጓዴ፣ ወይም ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ግን ይታከማል።

«ለነርሷ ብነግራት ለእናቴ ትነግርብኛለች?» ነርሷ እዚህ ናት፣ ጠየቅኋት። ከመጀመርሽ በፊት «የቱ ከእኔና ካንቺ መካከል ይቀራል፣ የቱን መናገር ግዴታሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂኝ አለች፣ ትመልስልሻለች። ለምርመራና ለመድኃኒት ብዙ ጊዜ ወላጅ ያስፈልጋል። ለእናትሽ እንዴት እንደምትነግሪ ከከበደሽ እሷ አብራሽ ትነግራለች። ነርሷ በየቀኑ እዚህ የለችም፣ የምትገኝበት ቀን በሯ ላይ ተጽፏል። በሌለችበት ቀን የቁፓት ሖሊሟን ነርስ ጠይቂ።

የመጨረሻው ወረቀት፦ «ባሕር መግባት እችላለሁ?» ጣምፖን ከተጠቀምሽ ግቢ፣ ስትወጪ ቀይሪው። ፓድ አድርገሽ ግን አትግቢ። እሱ ራሱ ባሕሩን ይጠጣዋል።